ሲጋራውን ተውኩ፣ ቦርጩ መጣ

ውድ አማካሪያችን፣

41 ዓመቴ ነው። ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲጋራ አጭሻለሁ፤ በቀን አሥራ አምስት ፍሬ ግድም። ትንሿ ልጄ ሳሌን እያስመሰለች ስትስል ሰማኋትና አፈርኩ፤ ተውኩት። ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ።

ስተው 61 ኪሎ ነበርኩ። በሦስት ወር 66 ገባሁ፣ አሁን 68 ነኝ። ቁመቴ 1.70 ነው። 80 የነበረው ወገቤ 89 ሆኗል። ደንበኞቼ «ተመቸህ» ይሉኛል፣ ጓደኞቼ «ቦርጫሙ» ይሉኛል። የሰው ሱሪ ሳሰፋ እየዋልኩ የራሴ አልገባ ብሎኛል።

ምሳ መብላት አቁሜያለሁ፤ ማታ ግን እንደ ጅብ ነው የምበላው። ቀን ቀን ቆሎ በጣሳ ማሽኑ ላይ አለ፣ እጄ ከዚያ አይጠፋም። ቡና ጠዋትና ከሰዓት ሦስት ሦስት ስኒ እጠጣለሁ፤ አንድ ማንኪያ የነበረው ስኳር ሁለት ሆኗል። እንቅልፌም ጥሩ አይደለም።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ እሱም ያስፈራኛል። አንድ ጓደኛዬ «በቀን ሁለት ብቻ ብታጨስ የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋዋል፣ ቦርጩም ይጠፋል» አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሐሳቡ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ምን ይሻለኛል?

ልብስ ሰፊው፣ ከጎንደር

ወንድሜ፣

ብዙ ሰው «ወፈርኩ» ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል። ያንተ ደብዳቤ ከነልኬቱ መጣ፤ ሙያህ ያስታውቃል። እኔም ከልኬቱ ልነሳ።

መጀመሪያ ኪሎውን እንየው። ሐኪሞች ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝኑበት ቀላል ስሌት አላቸው። ኪሎህን ለቁመትህ ታካፍላለህ፣ የወጣውን እንደገና ለቁመትህ ታካፍላለህ። 68 ለ1.70 ሲካፈል 40 ነው። 40 ለ1.70 ሲካፈል 23.5 ይመጣል። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ የሚባለው ክብደት ነው። በ61 ኪሎህ ጊዜ 21 ላይ ነበርክ። ያኔም ጤናማው ውስጥ ነበርክ፣ አሁንም እዚያው ነህ። 25ን ለማለፍ ከ72 ኪሎ በላይ መሆን አለብህ። ሱሪው አልገባህ ሲል የሚሰማህን ንዴት አላቃልልም። ግን ንዴቱ ከለመድከው ሰውነት ስለተለወጥክ ነው እንጂ ከመጠን በላይ ስለወፈርክ አይደለም።

የወገቡ ነገር ይለያል። ሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ ነው ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያሰጋው። ስለዚህ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። ያንተ ግማሽ 85 ሴንቲ ነው። እንዳልከው ከሆነ አራት ሴንቲ ትርፍ አለህ ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የት ጋ ነው የለካኸው? ሱሪ የሚታሰርበት ላይ ከሆነ፣ ሐኪም የሚለካው እዚያ አይደለም። ጎንህን በጣትህ ዳስሰህ የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ፈልግ፣ ከዚያ ደግሞ የዳሌህን አጥንት ጫፍ። ሜትሩ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ነው። ቆመህ፣ ሆድህን ሳትስብ፣ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አውጥተህ ለካ። ያቺን ቁጥር ጻፋት። ከዛሬ ጀምሮ የምንከታተለው እሷን ነው፤ ሚዛኑን በወር አንዴ ካየኸው ይበቃል።

በደብዳቤህ ውስጥ ያለፍከው አንድ መልካም ወሬም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አምስት ኪሎ ጨመርክ። በቀጣዮቹ አምስት ወራት የጨመርከው ሁለት ብቻ ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው እንዲሁ ነው። በአማካይ በመጀመሪያው ዓመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨመራል፤ አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ጭራሽ የማይጨምሩ፣ እንዲያውም የሚቀንሱም አሉ። ከ10 ኪሎ በላይ የሚጨምሩም አይጠፉም። አንተ ከአማካዩ ትንሽ ከፍ ብለሃል፣ ግን ጭማሪው እየቆመ ነው። «በዚህ አያያዜ መቶ እገባለሁ» የሚል ስጋት ካለህ፣ የራስህ ቁጥር እንደዚያ አይልም።

ለምን እንደጨመርክ ካወቅክ ደግሞ የቱን መንካት እንዳለብህ ትለያለህ። ኒኮቲን ሰውነት ሳትንቀሳቀስም ጉልበት እንዲያቃጥል ያደርገዋል። በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ሰው በዚህ ብቻ ወደ 200 ካሎሪ ያቃጥላል። እንደ ነገሩ አንድ ሙሉ እፍኝ ቆሎ ማለት ነው። ያ የሆነው ልብህ ያለ ሥራው እየሮጠ ስለነበር ነው፤ በነፃ የተገኘ ቅጥነት አልነበረም። ሌላው የምግብ ፍላጎት ነው። ኒኮቲን ረሃብን ያፍናል፣ ሲቀር የታፈነው ይመለሳል። ብስጭቱና ትኩረት ማጣቱ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚረጋጋው፣ ወራት ይፈጃል። ምላስና አፍንጫህም ስለሚነቁ ሽሮው ራሱ ድሮ ከምታውቀው ይጣፍጣል።

በአንተ ላይ ግን ሌላም ያለ ይመስለኛል። ሲጋራውን የት ሆነህ ነበር የምታጨሰው? የሰው ልብስ እንዳይሸት በር ላይ ወጥተህ ነው ብዬ እገምታለሁ። እንዲያ ከሆነ በቀን አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ከማሽኑ ትነሳ ነበር። ትቆማለህ፣ ትወጣለህ፣ ከጎረቤት ሁለት ቃል ትለዋወጣለህ፣ ትመለሳለህ። ሲጋራውን ስትተው መነሳቱንም አብረህ ተውከው። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ ወንበሩ ላይ ነህ፣ በሲጋራው ፈንታ ደግሞ ጣሳው አጠገብህ ተቀምጧል። ሲጋራ መጥፎ ነበር፤ በር ላይ መውጣቱ ግን ደግ ነገር ነበር። እሱን መልሰው። ጨርቅ ቆርጠህ ስትጨርስ፣ አንድ ሱሪ ሰፍተህ ስትጨርስ፣ ተነስተህ ውጣ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አምናለሁ። ግን «ሁለት ብቻ» የሚባለውን ሃያ ዓመት በቀን አሥራ አምስት ላጨሰ ሰው ማን ይጠብቅለታል? ከማንም በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ሁለት ላይ ቢቆም እንኳ ጉዳቱ ሁለት ሲጋራ የሚያህል አይደለም። በቀን አንድ ብቻ የሚያጨስ ሰው ለልብ በሽታ ያለው ተጨማሪ ስጋት፣ ሃያ ከሚያጨሰው ሰው ስጋት ግማሽ ያህል ነው። ሃያኛ ሳይሆን ግማሽ! ልብና የደም ሥር ለትንሽ ጭስም በጣም ይቆጣሉ። ቦርጩን በተመለከተም ጓደኛህ ተሳስቷል። አጫሾች ክብደታቸው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስባቸው ግን ወደ ሆድ የማድላት ጠባይ አለው። እኩል ኪሎ ካላቸው ሁለት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሆዱ የሚገፋው የሚያጨሰው ነው። ስለዚህ ሲጋራውን ይዘህ ቦርጩንም ልታገኘው ትችላለህ።

በእናትህ ምክንያት የፈራኸው ግን ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ እሱ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጤና ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። ሲጋራ ትተው ክብደት የጨመሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከሚያጨሱት ከፍ ብሎ ታይቷል። ስጋቱ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርስና ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ክብደት ባልጨመሩት ላይ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። ይህን የምነግርህ ወገብህን መከታተል ለአንተ ከሌላው ሰው ይበልጥ ስለሚጠቅም ነው፤ እናትህ ስኳር አለባቸውና።

ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር አይቷል። የመሞት ዕድልን በተመለከተ፣ ኪሎ የጨመሩትም ያልጨመሩትም ማጨሳቸውን ከቀጠሉት በጣም ይሻላሉ። አሥር ኪሎ የጨመሩት እንኳ። የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለውና በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ ዕድሜን በዓመት ቆጥሮታል። ዕድሜ ልኩን የሚያጨስ ሰው በአማካይ ወደ 10 ዓመት ያጣል። በ40 ዓመቱ ገደማ ያቆመ ወደ 9ኙን ያስመልሳል፣ በ50 ያቆመ ወደ 6 ይመለስለታል። አንተ 41 ነህ። በአንድ በኩል አራት ሴንቲ ወገብ፣ በሌላ በኩል ዘጠኝ ዓመት ገደማ። አራቱ ሴንቲ ደግሞ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ጤና ጣቢያ ሂድና የደም ስኳርህን ተለካ። ከመለካትህ በፊት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም እንዳትቀምስ። ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ በዓመት አንዴ እየሄድክ ታየዋለህ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ገና ስኳር አልያዘህም፣ ግን ወገቡን የመቀነሱ ነገር ይደር የማይባል ይሆናል። 126 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሌላ ቀን ይደገማል፤ በአንድ ልኬት ብቻ «አለብህ» አይባልም። እዚያው እያለህ የደም ግፊትህንም ይለኩልህ። ቶሎ ቶሎ ውኃ የሚጠማህ፣ ሌሊት ለሽንት የሚቀሰቅስህ ወይም እግርህ የሚያብጥ ከሆነ ግን ሳምንቱን አትጠብቅ።

አሁን ደግሞ ወደ ገበታህ። ምሳውን መልሰህ ጀምር። ይህ የተገላቢጦሽ ሊመስልህ ይችላል። ግን በባዶ ሆድ ከሰዓትን መግፋት ሁለት ነገር ያመጣብሃል። አንደኛው ራስህ የጻፍከው ነው፤ ማታ የቀኑን ከነወለዱ ትበላዋለህ፣ ከዚያም ትተኛለህ። ሁለተኛው ይብሳል። ረሃብና የሲጋራ አምሮት በአንድ በር ነው የሚገቡት፤ ሁለቱም ያነጫንጫሉ፣ ሁለቱም ሐሳብ ይበትናሉ። የራበው ሰው «አንዲት ሲጋራ» ማለት ይቀናዋል። የጓደኛህ ሐሳብ በየትኛው ሰዓት ነው አብዝቶ የሚመላለስብህ? ከቀኑ 9 እና 10 ሰዓት አካባቢ ከሆነ፣ መነሻው ያልበላኸው ምሳ ሊሆን ይችላል። ምስርም ይሁን ሽምብራ ያለው ነገር ብላ፤ ጥራጥሬ ሆድ ውስጥ ይቆያል። እንጀራውን ከድሮው አንድ ጥቅል ቀንስ፣ ወጡንና ጎመኑን ጨምር። የምትጾም ከሆነ በጾሙ ጣልቃ አልገባም። ጾሙን ስትፈታ ግን መጀመሪያ ምግቡን ብላ እንጂ በለስላሳና በዳቦ አትጀምር። የጾም ወጥ ላይ ዘይት እንዳይበዛም ቤት ውስጥ ተነጋገሩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ነው።

ቆሎውን አልከለክልህም። ገብስና ሽምብራ ጥሩ ምግብ ነው፣ ከብስኩት በብዙ ይሻላል። ጥፋቱ ጣሳው ማሽኑ ላይ መሆኑ ነው። እጅህ ጨርቁን እየገፋ፣ ዓይንህ መርፌው ላይ ሆኖ፣ ስንት እፍኝ እንደገባ ማን ቆጥሮ? ጣሳውን ወደ መደርደሪያው ውሰደው፣ ተነስተህ የምትደርስበት ቦታ። ከሰዓት አንድ እፍኝ በስኒ ማስቀመጫ ላይ አውጣ፣ እሷን ብላ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ እጅህ ሲፈልግ ራስህን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ «አሁን ሽሮ በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ?» አዎ ካልክ ርቦሃል፣ ብላ። «ሽሮስ ይቅር፣ ቆሎ ብቻ» ካልክ ግን የራበው እጅህ ነው። ለእጅ ውኃ፣ ጥርስ መፋቂያ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ወይም ያቺ የበር ላይ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስለ ቡናው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበትን ካፌይን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ስትተው ጉበትህ በቀናት ውስጥ ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ካፌይኑም ደምህ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ያው አቦል፣ ያው ቶና፣ ያው በረካ ዛሬ ከድሮው በጣም ይበረታብሃል። መንቀጥቀጡ፣ የልብ ምቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ «ሲጋራ አምሮኝ ነው» ሊያስብልህ ይችላል፤ ቡናው ሆኖ ሳለ። በቂ ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግስቱ ጣፋጭና ዳቦ ያሳድደዋል። የጠዋቱን ቡና እንዳለ ተወው። የከሰዓቱን አቦል ላይ አቁመው፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አትጠጣ። «ሦስተኛውን ሳትጠጣ የት?» ብለው ይቆጡህ ይሆናል፤ «እንቅልፍ ነሳኝ» ብትላቸው ማንም አይቀየምህም። ስኳሩን ደግሞ ወደ አንድ ማንኪያ መልሰው። አሁን በቀን ስድስት ስኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ፣ አሥራ ሁለት ማንኪያ ስኳር ነው የምትጠጣው። እሱ ብቻ ወደ 200 ካሎሪ ይጠጋል። ቅድም ያልነው፣ ሲጋራው ያቃጥለው የነበረውን ያህል። የከሰዓቱን ሁለት ስኒ ትተህ ስኳሩን በአንድ ስታደርገው አሥራ ሁለቱ አራት ይሆናል። ሳትራብ ልትቀንስ የምትችለው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ከዚህ ጀምር።

ሱቅ ስትዘጋ ደግሞ እግርህን አንቀሳቅስ። ከአራዳ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፈጠን ብለህ ስትሄድ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስትሄድ በእግር፣ ስትመለስ ከደከመህ በባጃጅ። ምሽቱ ካልተመቸህ ጠዋት ከመክፈትህ በፊት አድርገው። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነልህ ይበቃል። እግር መንገድ ብቻውን ኪሎ በፍጥነት አይቀንስም፤ ያን ጠብቀህ እንዳትናደድ። የሆድ ስብን ግን ሚዛኑ ብዙ ሳይንቀሳቀስም ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ሜትሩን ይዘን እንከታተል ያልኩህ። የሲጋራ አምሮት ሲነሳብህም አሥር ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስታግሰዋል። ለመሆኑ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽህ እንዴት ነው? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄድ እንደ ድሮው መሃል መንገድ ላይ ትቆማለህ?

ብዙ ነገር አንድ ላይ አትጀምር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምሳው ይመለስ፣ ስኳሩ ይቀንስ፣ ጣሳው ከማሽኑ ይነሳ። ከዚያ እግር መንገዱን ጨምር። በወር አንድ ሴንቲ ከወገብህ ከቀነሰ በጣም ጥሩ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ኪሎው ዓመት ካለፈ በኋላም መጨመሩን ካላቆመ፣ ሌላ ምክንያት እንዳለ ሐኪም ይይልህ።

አምሮቱ አንድ ቀን አይሎብህ እጅህ ወደ ኪስህ ከገባ ደግሞ፣ ሲጋራ ከምትገዛ ፋርማሲ ገብተህ የኒኮቲን ማስቲካ እንዳላቸው ጠይቅ። እሱም ኒኮቲን ነው፣ የምግብ ፍላጎትንም ትንሽ ይይዛል፤ ጭሱና ሬንጁ ግን የሉበትም። ስምንት ወር ያለ ምንም ስለቆየህ ግን ለኪሎው ብለህ ብቻ አትጀምረው።

የመጨረሻው ነገር የሱሪው ነው። አሁን በሚሆንህ ልክ ሁለት ሱሪ ለራስህ ስፋ፣ የጎኑን ስፌት እንደ ልጅ ልብስ ትርፍ ተውለት። የድሮዎቹን ከመስቀያው ላይ አንሳቸው። በየጠዋቱ አንድ ሱሪ ሲያንቅህ መዋል «ምን ነበር የተውኩት?» ያስብላል፣ እሱን ሐሳብ ደግሞ አሁን አትፈልገውም። የሱሪ ወገብ ማጥበብና ማስፋት ላንተ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። «ቦርጫሙ» ለሚሉህም፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ካሉበት፣ ለጊዜው አብረሃቸው በር ላይ አትቁም።

የስኳር ምርመራው ውጤትና አዲሷን የወገብ ልኬት ስታገኝ ጻፍልኝ። ከ100 በላይ ከመጣ የምግቡን ነገር ከእናትህ ገበታ ጋር አስተያይተን እንደገና እናወራዋለን።